ዋቱን ወደ ደቂቃ መልሱት

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ደንበኛ የሚያስተናግዱት ወጣቶች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ጥግ ይዤ በስልክ ለሚታዩት ዕቃዎች ከፎቶው ሥር የሚገቡትን አጫጭር ነጥቦች እጽፋለሁ። ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ብቻ ላውራችሁ፤ ስህተቴም ትምህርቴም እዚያው ላይ ነው።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፦ 220–240 ቮልት፣ 1850–2200 ዋት፣ 1.7 ሊትር፣ ራሱን የሚያጠፋ፣ ውሃ ሲያልቅበት የሚከላከል፣ የ75 ሳንቲሜትር ገመድ። እኔም ትልቁን ቁጥር አየሁና «2200 ዋት፤ ውሃ በ3 ደቂቃ ያፈላል» ብዬ ጻፍኩ። ጣና ዳር ቡና የምትሸጥ አንዲት ደንበኛ ይህን አንብባ ገዛች። ሳምንት ሳይሞላ ዕቃውን በፌስታል ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ታሟል። ሞልቼ ስጥደው ምሽት ላይ 8 ደቂቃ ይፈጅብኛል» አለችኝ።

ዕቃው አልታመመም፤ የታመመው የእኔ ጽሑፍ ነበር። 2200 ዋት የሚገኘው በ240 ቮልት ነው። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ማፍያው የሚሰጠው 1850 ዋት ብቻ ነው። ቮልት ሲቀንስ ዋቱ የሚወርደው ከእሱ በፈጠነ መጠን ነውና፣ ምሽት ሁሉም ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ ቮልቱ 180 ቢደርስ ዋቱ ሲሶውን ያጣል፤ 1240 አካባቢ ይቀራል። ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ 3 ደቂቃው የስንት ሊትር እንደሆነ አለመናገሬ ነው።

ያን ቀን ማፍያውን ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃ ሞክሬ በሰዓት ለካሁት። 1 ሊትር ቀን ላይ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ወሰደ፤ እስከ አፉ ምልክት ሲሞላ አምስት ደቂቃ ተኩል። ምሽት ደግሜ ስለካው ሴትዮዋ ያለችው 8 ደቂቃ ትክክል ሆኖ ተገኘ። (ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ «እስከ 100 ዲግሪ ያሞቃል» የሚለውን ከፋብሪካው ወረቀት እንዳትቀዱ።) ከዚያ በኋላ ነጥቦቹን እንዲህ ለወጥኳቸው፦

• 1 ሊትር ውሃ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያፈላል፤ ምሽት መብራት ሲደክም ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ (1850 ዋት በ220 ቮልት)
• በአንድ ጊዜ ወደ 10 የሻይ ብርጭቆ ይሞላል (1.7 ሊትር)
• ክዳኑ ከተዘጋ፣ ሲፈላ ራሱ ይጠፋል

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ገዢዋ በቤቷ የምታየው ነገር ይቀድማል፤ ቁጥሩ በቅንፍ ውስጥ ከኋላ ይከተላል። ቁጥሩን ጨርሳችሁ አትጣሉት፤ ሁለት ዕቃ ለሚያወዳድር ሰው ያስፈልገዋል።

በሦስተኛው ነጥብ ውስጥ ያለችው «ክዳኑ ከተዘጋ» የምትለው ሐረግ ብዙ አከራክራናለች። ሱቅ ውስጥ ያሉት ልጆች ነጥቡን ታረዝመዋለች ብለው ሊያወጧት ፈለጉ። ማፍያው መፍላቱን የሚያውቀው ግን በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ በውስጡ በተሠራች ቀዳዳ አልፎ ማብሪያው አጠገብ ያለችውን ስስ ብረት ሲያሞቃት ትታጠፍና ማብሪያውን ትገፋዋለች። ክዳኑ ከተከፈተ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃው ሲንተከተክ ይውላል። «ራሱ ይጠፋል» ብቻ ብንጽፍ፣ ክዳኑን ከፍታ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ የሄደች ሰው ማእድ ቤቷን በእንፋሎት ሞልታ ታገኘዋለች።

ውሃ ሲያልቅ የሚከላከለው ሌላ ነው፤ ከታች ከማሞቂያው ሥር ተቀምጦ ሙቀቱ ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣል። ለእኛ የሚጠቅመው በተለይ መብራት ሲጠፋ ነው። ማብሪያው እንደተጫነ ይቀርና መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳያየው መሞቅ ይጀምራል፤ ውሃውን ቀድታችሁ ከነበረ ባዶውን ነው የሚሞቀው። ስለዚህ አራተኛውን ነጥብ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባዶ ቢሆንም እንዳይቃጠል ራሱን ያቋርጣል፤ ቢሆንም መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ያንሱ» ብዬ ጻፍኩት። ጥቅም ብቻ ሳይሆን ማሳሰቢያም አለበት፤ ነገር ግን ካርቶኑ ላይ ካለው «የደረቅ ማፍላት መከላከያ» ይልቅ ሰው የሚገባው ይኼኛው ነው።

የገመዱን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት፤ 75 ሳንቲሜትር ምን ጥቅም አለው ብዬ ትቼው ነበር። ያቺው ደንበኛ በሌላ ቀን ስትመጣ አዲሱን ጽሑፍ አስነበብኳት። አንብባ ጨረሰችና «ሶኬቴ ከጠረጴዛው ራቅ ይላል፤ ገመዱ ይደርስልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አጭር የሆነው ሕፃን ከጠረጴዛ ላይ ጎትቶ የፈላ ውሃ በራሱ ላይ እንዳይደፋ ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?» አለች። ሜትር አውጥቼ ገመዱን ለካሁላትና አምስተኛውን ነጥብ እዚያው ፊቷ ጻፍኩ፦ «ገመዱ ለልጆች ደኅንነት አጭር ነው (75 ሳንቲሜትር)፤ ከመግዛትዎ በፊት ሶኬትዎ ከማስቀመጫው ያለውን ርቀት ይለኩ።»