አንድ ታሪክ ለሁለት ክፍል

«አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ባንድ ላይ ነው የማስተምረው። የ40 ደቂቃውን ንባብ እንዴት ላቅደው?»

ሰላም መምህር። ሁለት ዕቅድ አይጻፉ። አንድ አጭር ታሪክ ይምረጡና ለሁለቱም የተለያየ ሥራ ይስጡበት። እኔ ስለጠፋች ላም ስድስት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ነበር።

መጀመሪያ ለሁሉም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ 8 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሁለተኛዎቹ ታሪኩን ለየራሳቸው እያነበቡ ሦስት ጥያቄ ይመልሱ። እርስዎ 12 ደቂቃ ከአንደኛዎቹ ጋር ይሁኑ። በሰሌዳው ሌላ ግማሽ ላም፣ ላባ፣ ቢላ ብለው ይጻፉ፤ ልጆቹ «ላ»ን እየፈለጉ ያክብቡ። ቀጥሎ ይቀያየሩ። አንደኛዎቹ ቃላቱን ገልብጠው ሥዕል ይሥሩ፣ እርስዎ ለ12 ደቂቃ የሁለተኛዎቹን ንባብ ያዳምጡ። የቀረው 8 ደቂቃ የጋራ ነው፦ ሁለተኛዎቹ ያነባሉ፣ አንደኛዎቹ «ላ» በሰሙ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ይሄን በጣም ይወዱታል።

ነገሩ የሚበላሸው እርስዎ በሌሉበት ሥራ ላይ ነው። እኔ «ላሟ ለምን ጠፋች?» ብዬ ጽፌ ዞር ስል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም እጅ አወጣ፤ ከዚያ ጫጫታ። መልሱ ታሪኩ ላይ በቀጥታ አልተጻፈም ነበራ። አሁን ለብቻቸው የምሰጠው «ላሟ የት ተገኘች?» ዓይነቱን፣ ጣት አስቀምጠው የሚያሳዩትን ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ አብረን እንሠራዋለን። «ለምን»ን አጠገባቸው ስቀመጥ እጠይቃለሁ። በነዚያ 12 ደቂቃዎች ከሁለት ልጅ በላይ ሊጠይቅዎ ከመጣ፣ ሥራው ከብዷቸዋል፤ ለነገ ያቅልሉት።