በኤአይ የተሠራ የዕቃ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት

«ሰላም ቤተሰብ፣ የምሸጠውን ዕቃ ፎቶ በኤአይ መሥራት ጀምሬያለሁ። ለእኔ ሁሉም ቆንጆ ነው የሚመስለኝ። ከመለጠፌ በፊት ምን ምን ልይ?»

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ዕቃውን ራሱን አምጥተህ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀምጠው። ፎቶውን ብቻውን ካየኸው ማማሩ ይሸውድሃል።

እኔ የምጀምረው ከመጠን ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላውን ማየት ትርፉ ድካም ነው። አንድ የብረት የውሃ ኮዳ ነበረኝ፤ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 8፣ ማለትም ቁመቱ የወርዱ 3 እጥፍ ነው። ኤአዩ በሠራው ፎቶ ላይ ስለካው ግን ቁመቱ 1200 ፒክስል፣ ወርዱ 480 ሆነ። 1200ን ለ480 ስታካፍለው 2.5 ነው። ኮዳውን አወፍሮታል። በዓይን ብቻ አላስታወቀኝም፤ እንዲያውም ከእውነተኛው ያምር ነበር። ገዢው እጁ ሲገባ ግን «ያየሁት እኮ ወፍራም ነበር» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ፎቶውን ጣልኩት። ይህ ስሌት የሚሠራው ዕቃው ፊት ለፊት ሲታይ ነው፤ ከላይ ወይም ከጎን ዘንበል ብሎ ከታየ አይሆንም።

ጽሑፍ ካለው 200 ፐርሰንት ዙም አድርገህ ፊደል በፊደል አንብብ። በተለይ የእኛን ፊደል ሲሞክር ከሩቅ ፊደል የሚመስል፣ ቀረብ ስትል ግን የማይነበብ ነገር ይሥላል። ቁጥርም እንዳታልፍ፤ 500 ሚሊ ሊትር የነበረው 600 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ደጋግመህ ከማሠራት ያለ ጽሑፍ አሠራውና ትክክለኛውን ስም በኤዲቲንግ አፕ ራስህ ጨምርበት። ኮዳ ክብ ስለሆነ ጽሑፉም አብሮ መጉበጥ አለበት፤ ዝርግ ከሆነ ላዩ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ዙሙን ሳትቀንስ ጠርዙን ዙሪያውን በጣትህ ተከተለው። እጀታ ያለበት ቦታ ላይ ቆም በል። በቀዳዳው የሚታየው ቀለም ከጀርባው ጋር አንድ ነው? የእጀታው ሁለቱም ጫፎች ክዳኑን በትክክል ይይዛሉ ወይስ አንዱ እንደ ሰም ቀልጦ ገብቷል?

ጥላው ቀላል ነው። ዕቃው ላይ ብርሃኑ የት በኩል እንደሚያበራ እይ፤ ጥላው በተቃራኒው መውደቅ አለበት። ዕቃው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር ጥላ ከሌለ ደግሞ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ ቁጠር። ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ቀዳዳ፣ ስፌት፣ ሁሉንም ከእውነተኛው ጋር እያስተያየህ። የእኔ ኮዳ ክዳን ላይ የሌለ ማንጠልጠያ ቀለበት ጨምሮበት ነበር። ይህን እንደ ቀላል እንዳታየው፤ ገዢው ቀለበት አለው ብሎ ነው የሚከፍለው።

ጥላና ትንሽ ነጠብጣብ በኤዲቲንግ ይስተካከላል። ቅርጽና መጠን ከተበላሸ ግን አትታገል፤ በስልክህ ያነሳኸውን እውነተኛ ፎቶ አስገብተህ እንደገና አሠራውና ከመለካቱ ጀምር።