ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በላይ ያለው ድምፅ የት ይሄዳል?

«በ44.1 ኪሎኸርዝ ስቀዳ ለምንድን ነው እስከ 22.05 ድረስ ብቻ የሚቀዳው? ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ጆሮዬ ካልሰማው አሊያሲንግ ለምን ያስጨንቀኛል?»

ወንድሜ፣ ከ22.05 በላይ ያለው ድምፅ ዝም ብሎ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ በእርግጥም የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ችግሩ አለመጥፋቱ ነው። ቀድሞ ካልታገደ ወደ ታች ይታጠፍና ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ሆኖ ይቀመጣል፤ አሊያሲንግ የሚባለው ይህ ነው።

ቁጥሩን አሳንሰን እንየው። ሳምፕል ሬቱ 8 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ ድምፁ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። የ1 ኪሎኸርዝ ሞገድ በሁለት ሳምፕሎች መካከል የዙሩን አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ይጓዛል። የ7 ኪሎኸርዝ ሞገድ በዚያው ጊዜ ሰባት ስምንተኛ፣ 315 ዲግሪ ይጓዛል። መለኪያው ግን በመካከል የሆነውን አያይም፤ ሞገዱ ያረፈበትን ነጥብ ብቻ ይመዘግባል። 315 ዲግሪ ወደ ፊት የሄደና 45 ዲግሪ ወደ ኋላ የተመለሰ ደግሞ የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የ7 ኪሎኸርዙ ሞገድ ፋይሉ ላይ 1 ኪሎኸርዝ ሆኖ ይጻፋል። ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገደቡ ግማሽ ላይ የሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው። ሞገዱ በሁለት ሳምፕሎች መካከል ከ180 ዲግሪ በታች እስከተጓዘ ድረስ ከነጥቦቹ ተነስቶ መልሶ የሚሠራው አንድ ሞገድ ብቻ ነው። 180 ሲሞላ ወደ ፊት ይሂድ ወደ ኋላ መለየት አይቻልም። ልክ ግማሹ ላይ ያለ ሳይን ሞገድ እያንዳንዱ ሳምፕል ዜሮውን ሲያቋርጥ ከያዘው ጭራሽ ሁሉም ቁጥር ዜሮ ይሆናል፤ «እስከ ግማሽ» ሲባል ሁልጊዜ «ከግማሽ በታች» ማለት የሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ በ44.1 ላይ ለ20 ኪሎኸርዝ ድምፅ በአንድ ዙር ከሁለት ጥቂት የሚበልጡ ሳምፕሎች ብቻ ይደርሱታል፣ ግን ሞገዱ ተሸራርፎ አይወጣም። ከገደቡ በታች በእነዚያ ነጥቦች ሁሉ የሚያልፍ ሌላ ሞገድ ስለሌለ በትክክል ይመለሳል። ሳምፕል ሬት መጨመር ገደቡን ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ ከገደቡ በታች ያለውን ድምፅ «ለስላሳ» አያደርገውም።

የታጠፈው ድምፅ የት እንደሚያርፍ ማስላት ቀላል ነው። ፍሪኩዌንሲው ላይ በጣም ቅርብ የሆነውን የሳምፕል ሬት ብዜት ፈልገህ ልዩነቱን ውሰድ። በ48 ኪሎኸርዝ 30 ቢገባ 48 − 30 = 18 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ 47 ቢገባ 1 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ይህ 18 ወይም 1 ኪሎኸርዝ ከእውነተኛው 18 ወይም 1 ኪሎኸርዝ በምንም አይለይም፤ ቁጥሮቹ አንድ ናቸውና። ስለዚህ ከተቀዳ በኋላ አሊያሲንጉን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ኢኪው የለም። ፊልተሩ ከሳምፕሊንጉ በፊት መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ፊልተር ደግሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም፤ ለመውረድ ቦታ ይፈልጋል። በ44.1 ላይ ያለው ቦታ ከ20 እስከ 22.05 ብቻ ነው፣ ይህን ያህል ቁልቁል የሚወርድ አናሎግ ፊልተር መሥራትም ከባድ ነው። የዛሬዎቹ ኦዲዮ ኢንተርፌሶች መጀመሪያ በሜጋኸርዝ ደረጃ ይለካሉ፤ እዚያ ላይ ቀላል አናሎግ ፊልተር ይበቃል። ቁልቁሉን ቆረጣ የሚሠራው ወደ 44.1 ወይም 48 ከመውረዱ በፊት ያለው ዲጂታል ፊልተር ነው። ስለዚህ በደህና ኢንተርፌስ ማይክ ስትቀዳ አሊያሲንግ ብዙም አያስቸግርህም።

የሚያስቸግረው ሶፍትዌር ውስጥ ነው፣ በሁለት ቦታ። አንደኛው ሳምፕል ሬት ሲቀነስ ነው። ሶክስ የተባለው በትእዛዝ የሚሠራ የድምፅ ፕሮግራም ካለህ ይህን ሞክር፦

```
sox -r 48000 -n -b 16 -c 1 sweep.wav synth 19 sine 1000:20000 vol 0.5
sox sweep.wav bad.wav downsample 3
sox sweep.wav good.wav rate 16000
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ከ1 ኪሎኸርዝ ተነስቶ በየሰከንዱ 1 ኪሎኸርዝ እየጨመረ 20 የሚደርስ ድምፅ ይሠራል። `downsample` ያለ ምንም ፊልተር ከየሦስቱ ሳምፕል አንዱን ብቻ ያስቀራል፤ `rate` ግን አጣርቶ ይቀንሳል። ሁለቱም 16 ኪሎኸርዝ ናቸው፣ ገደባቸውም 8 ነው። `bad.wav` ላይ ድምፁ እስከ 7ኛው ሰከንድ ይወጣና 8 ኪሎኸርዝ ሲደርስ ተመልሶ መውረድ ይጀምራል፤ በ15ኛው ሰከንድ ዜሮ ነክቶ እንደገና ይወጣና 4 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃል። `good.wav` 7ኛው ሰከንድ አካባቢ ዝም ይላል። በስፔክትሮግራም ስታየው የመጀመሪያው ዚግዛግ ነው። በንግግር ቅጂ ላይ ደግሞ ያለ ፊልተር ወደ 8 ኪሎኸርዝ ከተቀነሰ የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፅ ቀድሞ ይበላሻል፦ ከ5 እስከ 7 ኪሎኸርዝ ያለው ፉጨት ከ3 እስከ 1 ኪሎኸርዝ ተገልብጦ ይወርድና ንግግሩ ላይ እንደ አሸዋ ይፈሳል።

ሁለተኛው ቦታ ዲስቶርሽን፣ ሳቹሬሽንና ክሊፐር ፕለጊኖች ናቸው። እነዚህ ግብዓቱ ላይ ያልነበረ ሃርሞኒክ፣ ማለትም የዋናው ፍሪኩዌንሲ ብዜት፣ ራሳቸው ይፈጥራሉ፣ የመግቢያው ፊልተር ደግሞ ከኋላቸው ቀርቷል። በ44.1 ፕሮጀክት ላይ 5 ኪሎኸርዝ ሳይን በኃይል ክሊፕ ብታደርግ 15፣ 25፣ 35፣ 45 እያለ ይቀጥላል። 15 በቦታው ይቀመጣል። 25 ግን 19.1፣ 35 ደግሞ 9.1፣ 45 ደግሞ 0.9 ኪሎኸርዝ ሆነው ይታጠፋሉ። 9.1 እና 0.9 ከ5 ጋር ምንም የሙዚቃ ዝምድና የላቸውም፤ ያ ሻካራ፣ ከኖታው ጋር የማይሄድ ብረታማ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኖታው ከፍ ሲል የሚወርድ ድምፅ ከስር ከሰማህ አትጠራጠር፣ አሊያሲንግ ነው።

መፍትሔው ፕለጊኑ ላይ ኦቨርሳምፕሊንግን 4x ማድረግ ነው። ውስጡ በ176.4 ይሠራል፣ ገደቡም 88.2 ይሆናል። ከ88.2 በላይ ያለው አሁንም ይታጠፋል፤ ግን እስከ 154.35 ያለው የሚያርፈው ከ22.05 በላይ ስለሆነ ወደ 44.1 ሲመለስ ፊልተሩ ይወስደዋል። ለ5 ኪሎኸርዙ ሳይን ታጥፎ ከ22.05 በታች የሚገባው የመጀመሪያው 31ኛው ሃርሞኒክ ነው፤ 155 ሆኖ 21.4 ላይ ያርፋል፣ ከዋናው ድምፅም በ30 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ያለ ኦቨርሳምፕሊንግ 9.1 ላይ ያረፈው 7ኛው ግን የሚያንሰው በ17 ዴሲቤል ብቻ ነበር። ልዩነቱ በጆሮ በደንብ ይታወቃል። ዋጋው የፕሮሰሰር ጭነትና ትንሽ መዘግየት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ትራክ ላይ አታብራው። በጣም ኃይለኛ ዲስቶርሽን ያለበት፣ በተለይ ደግሞ ከፍ ያለ ኖታ ወይም ሲምባል የሚያልፍበት ትራክ ላይ አብራው። ቤዝ ላይ ቀለል ያለ ሳቹሬሽን ብቻ ከሆነ ሃርሞኒኮቹ ገደቡ ሳይደርሱ በጣም ስለሚደክሙ ባታበራውም ችግር የለውም።