ሽቶው ለምን ይቀየራል?

«ሱቅ ስሞክረው ሎሚ ሎሚ የሚል ሽቶ ቤት ስደርስ ቫኒላ ቫኒላ አለ። ተሸወድኩ እንዴ?»

አልተሸወድሽም እህቴ። ሽቶው ውስጥ ያሉት ነገሮች እኩል አይተኑም። የሎሚና የብርቱካን ሽታ ቀላል ስለሆነ ገና ስትረጪው ቀድሞ አፍንጫሽ ጋ ይደርስና ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል፤ ቶፕ ኖት የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ሃርት ኖቱ፣ ለምሳሌ ጽጌረዳ ወይም ጃስሚን፣ ጎልቶ ይወጣል። እሱም ሲደክም ቫኒላውና ሰንደሉ ይቀራሉ። እነዚህ ቤዝ ኖቶች ከመጀመሪያውም ነበሩ፣ ሎሚው ሸፍኗቸው እንጂ። ቫኒላማ ልብስ ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል! የቆዳ ሙቀት ደግሞ ትነቱን ያፋጥነዋል፣ ስለዚህ የሱቁን ወረቀት ብቻ አሽትተሽ አትግዢ። ክንድሽ ላይ አንዴ ርጪው፣ ሳታሺው ሻይ ቡና ብለሽ ተመለሺ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚሸትሽ ነው አብሮሽ የሚውለው።