«25 ኪሎ ከገደብ በታች ነው» ተብዬ ካሳ ተከለከልኩ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጠበቃ፣ በአንድ መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ስሠራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር ቀኑን ሙሉ ካርቶን ከፓሌት እያነሳን ጠረጴዛ ላይ ስንደረድር ዋልን። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ልነሳ ስል ወገቤ ቀጥ አለ። ሕመሙ እስከ እግሬ ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነሥቼ የዲስክ መንሸራተት ነው ተባልኩ። አሠሪዬ ግን «ካርቶኑ 25 ኪሎ ነው፣ ከገደብ በታች ነው፤ ደግሞም እኔ ጋ አልታመምክም» ብሎ ትንሽ ገንዘብ ሊሰጠኝ ፈልጓል። ሕጉ የሚፈቅደው ስንት ኪሎ ነው? ብከስ እረታለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ከሕጉ በፊት አንድ ነገር። በሁለቱ ጭኖችህ መካከልና በመቀመጫህ አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማህ፣ ሽንት እምቢ ካለህ ወይም ካመለጠህ፣ ወይም እግርህ እየዛለ ከሄደ ይህን ጽሑፍ ተወውና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ክርክሩ ይቆያል፣ ነርቭ ግን አይጠብቅም።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርህ። በብዙ አገር በሥራ ምክንያት የተጎዳ ሠራተኛ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ የሚጠይቀው የሥራ ጉዳት ካሳ ነው። ሁለተኛው ጥፋቱን አስረድቶ የሚያቀርበው ክስ ነው። ሁለቱም ጉዳቱን የማስታወቂያና ክስ የማቅረቢያ ጊዜ አላቸው፤ ጊዜው ደግሞ ካሰብከው በላይ አጭር ሊሆን ይችላል። የቀን ሠራተኛ መሆን ብቻውን መብትህን ያጠፋዋል ብለህ አትቁረጥ። ይህ ሁሉ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ በዚህ ሳምንት ባለህበት ያለ ጠበቃ አማክር።

አሁን ወደ 25 ኪሎዋ። አሠሪህ ከሰማይ አልፈጠራትም። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለአሠሪዎች ባወጣው መመሪያ ላይ የሰው ቅርጽ ተሥሎ፣ በዙሪያው ባሉ ሳጥኖች ውስጥ የኪሎ ቁጥሮች ሰፍረዋል። 25 ያለው አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ሸክሙ ከክርን ዝቅ ብሎ በወገብ ከፍታ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶ ሲያዝና ለወንድ ሲሆን ማለት ነው። በዚያው ሥዕል ላይ ሸክሙ ከመሬት አጠገብ ሆኖ እጅ ተዘርግቶ ሲነሳ ቁጥሩ 5 ነው። ለሴት በዚያው ቦታ 3 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ራሳቸው በሰዓት እስከ 30 ጊዜ ያህል ለማንሳት የታሰቡ እንጂ ለፈጣን ሥራ አይደሉም፤ የሕግ ጣሪያም አይደሉም። የተቆጣጣሪው ሐሳብ ከቁጥሩ በላይ ከሆንክ ሥራውን በዝርዝር መርምር ነው።

«ሕጉ 55 ኪሎ ይፈቅዳል» የሚሉም ያጋጥሙሃል። ይህ የመጣው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ካወጣው የውሳኔ ሐሳብ ነው። እሱ ግን የሚለው ሌላ ነው። ለአዋቂ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ የሚፈቅድ አገር ካለ ቶሎ ብሎ ወደዚያ ያውርደው ነው የሚለው። አብሮት የወጣው ስምምነት ቁጥር 127 ደግሞ ኪሎ አይጠቅስም። በክብደቱ ምክንያት የሠራተኛውን ጤና ወይም ደህንነት ሊጎዳ የሚችል ሸክም አይሸከም ይላል። አገርህ ይህን ስምምነት መቀበሉንና የራሱ ገደብ ያለው መሆኑን ጠበቃህ ያጣራ።

ስለዚህ «ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?» ብለህ ስትጠይቀኝ የአሠሪህን ጥያቄ ነው ይዘህ የመጣኸው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ካርቶኑን ስታነሳ ከሰውነትህ ምን ያህል ይርቅ ነበር? ይህን አልጻፍክልኝም።

ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳህ። የታችኛው ወገብህ ዲስክ እንደ ሚዛን መሐል ነው። በፊት በኩል ሸክሙ አለ። በኋላ በኩል የሚጎትቱት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻዎቹ ከዲስኩ መሐል የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሸክሙ 30 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ በስድስት እጥፍ ርቆ ተቀምጧል፤ ጡንቻው 25 ኪሎውን ለመመከት 150 ኪሎ የሚያህል ኃይል መጎተት አለበት። 60 ሴንቲ ሜትር ከራቀ 300 ይሆናል። ይህ ሁሉ ጉተታ ዲስኩን ይጨምቀዋል። ያጎነበሰው የራስህ ደረት፣ ጭንቅላትና ክንድ ገና አልተቆጠረም፤ እሱም ከባድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም (ኒዮሽ) ለዲስክ ጭነት የያዘው ልክ 3,400 ኒውተን ነው፤ ወደ 350 ኪሎ ገደማ። ካርቶኑ ያው ነው፣ ሚዛኑም ያው 25 ይላል። ርቀቱ ነው ከልኩ በታች ወይም በላይ የሚያደርግህ።

ይኸው ተቋም በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያሻሻለው፣ ስንት ኪሎ ማንሳት እንደሚመከር የሚያወጣ የማንሻ ስሌት አለ። ልክህን ስላልሰጠኸኝ ላንተ ዓይነት ሥራ ልገምት። ስሌቱ ከ23 ኪሎ ይነሳል፤ ሁሉ ነገር ምቹ ሲሆን ማለት ነው። ከዚያ ምቾት በጎደለ ቁጥር ይቀንሳል። ካርቶኑ ከፓሌቱ ወዲያኛው ረድፍ ላይ ሆኖ እጆችህ ከቁርጭምጭሚትህ 50 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ 23ቱ በግማሽ ወርዶ 11.5 ይሆናል። እጅህ የሚይዘው ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ 9.4 ይደርሳል። 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠረጴዛ ላይ ስታወጣው 8.3። እያነሳህ 45 ዲግሪ ያህል ከተጠማዘዝክ 7.1። በደቂቃ ሁለት እያነሳህ ቀኑን ሙሉ ከዋልክ 4.6 ኪሎ። ካርቶኑ መያዣ ከሌለው ከዚህም ይወርዳል። አንተ ግን 25 ነው ያነሳኸው፤ ከአምስት እጥፍ በላይ።

ግን ይህን ስሌት ይዘህ ብቻህን ፍርድ ቤት እንዳትሮጥ። የሚሠራው በሁለት እጅ ቆሞ ለማንሳት ነው። ትከሻ ላይ ተሸክሞ ለመሄድ፣ በአንድ እጅ ለማንሳት ወይም በሚያንሸራትት ወለል ላይ ለመሥራት አልተሠራም። በባለሙያ ሲቀርብ ነው ማስረጃ የሚሆነው። የባለሙያው ጥሬ ዕቃ ግን ካንተ ይመጣል። ፓሌቱና ጠረጴዛው ሳይቀየሩ የሥራ ባልደረባህ ሜትር ይያዝ። በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መሐል ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ ተነስቶ በአግድም እጁ እስከሚይዝበት ይለካ። የመያዣውን ከፍታ፣ የጠረጴዛውን ከፍታና በሰዓት ስንት ካርቶን እንደሚነሳ ይጻፍ። አንተ ግን ለማሳየት ብለህ እንዳታነሳ! እንዲህ ሲያደርግ ሁለተኛ የተጎዳ ደንበኛ አውቃለሁ።

«ቀበቶ ሰጥቼዋለሁ፣ በጉልበትህ አንሳ ብዬ አሠልጥኜዋለሁ» ካለህም አትደንግጥ። ኒዮሽ በ1994 እ.ኤ.አ. የወገብ ቀበቶ ያልተጎዳን ሠራተኛ ከጉዳት እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ደምድሟል። ጉልበት ማጠፍም ሰፊ ካርቶንን ወደ ሰውነት አያቀርበውም፤ እንዲያውም ጉልበቶቹ መሐል ካልገባ ወደፊት ይገፋዋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ። ሐኪሙ ጋ መጀመሪያ የሄድክ ቀን ምን አልከው? ደብዳቤህ ላይ «ከአልጋ ልነሳ ስል» ብለሃል። ለሐኪሙም እንዲሁ ብለህ ከሆነ ካርድህ ላይ «ሕመሙ ጠዋት ቤት ውስጥ ጀመረ» ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው። ካርቶን የሚል ቃል ምናልባት የለም። ጫኝና አውራጆች የሚወድቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው፤ ስንቱ ፋይል እዚህ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁ። ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ የሚያስበው ሕመሙን ነው፣ ፍርድ ቤቱን አይደለም። ሐኪሙም የሚጽፈው የሰማውን ነው። ከወራት በኋላ የአሠሪው ጠበቃ ያንን አንድ መስመር አውጥቶ ያነባል። «እኔ ጋ አልታመምክም» የሚለው የአሠሪህ ቃልም ከዚሁ መስመር ጋር ይገጥማል።

የሚያናድደው ደግሞ፣ ጠዋት መታመምህ ከሥራው ጋር የማይጣጣም ነገር አይደለም። የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም፤ ነርቭ ያለው የውጭው ጠርዝ ነው። ዲስኩን የከበበው ቀለበት ከውስጥ እየተሰነጠቀ ሥራህን ጨርሰህ ልትወጣ ትችላለህ። ደግሞ ቀን በሸክምና በቁመት የተጨመቀ ዲስክ ውሃ ያጣል፤ ሌሊት ስትተኛ መልሶ ይጠጣል። ጠዋት ሰው ትንሽ የሚረዝመው ለዚህ ነው። በውሃ የተሞላ ዲስክ ሲጎነበስ ግትር ይላል፣ ጠርዙም ይወጠራል። ስለዚህ ቀን የተጎዳ ወገብ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ቢጮህ ሐኪም አይገረምም። ግን ያንተ ነገር እንዲህ ነው ብሎ መመስከር ያለበት ሐኪሙ ነው፤ አንተም እኔም አይደለንም።

ኤምአርአዩም ብቻውን አያድንህም። ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ዲስካቸው የወጣ ወይም ያረጀ ሆኖ ይገኛል። የአሠሪህ ሐኪም ይህን ያውቃል፤ «የዕድሜ ነው» ይላል። ልዩነት የሚያመጣው የቀኖቹ ሰንሰለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት በወገብ ሕመም ታክመህ ነበር? ከነበርክ ለጠበቃህ ደብቀህ እንዳትቀመጥ። የቆየ ሕመም ኖሮ ሥራው ቢያባብሰው እንኳ መጠየቅ የሚቻልበት ሕግ አለ። ተደብቆ ሲገኝ ግን ዳኛው ሌላውንም ቃልህን አያምንም።

ስለዚህ የካርድህን ሙሉ ግልባጭ ጠይቀህ አምጣ። መስመሩ ካልጣመህ «ይፋቅልኝ» እንዳትል፤ የተፋቀ ካርድ ከጎደለ ካርድ ይብሳል። በቀጣይ ቀጠሮህ እውነቱን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረው፦ በዋዜማው ምን አነሳህ፣ ስንት ሰዓት፣ ከምን ከፍታ፣ ማታ ወገብህ ከብዶህ ነበር ወይስ አልነበረም። ካልነበረ አልነበረም በል። ሐኪሙ በዕለቱ ቀን ይጻፈው። ያን ቀን አብሮህ የዋለ ሰው ካለ ሳይረሳ ቃሉን በጽሑፍ ያስቀምጥልህ። ጉዳቱን ለአሠሪህ በጽሑፍ አስታውቅና የተቀበለበትን ፊርማ ያዝ፤ ካልፈረመ ምስክር ፊት ስጥ። የሥራ ፈረቃ መዝገብና የክፍያ ወረቀትም አብረህ ሰብስብ።

አሠሪህ ሊሰጥህ ያሰበው ገንዘብ አብሮት ወረቀት ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ይህንንም አልነገርከኝም። «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ ወይም ጉዳቱ ከሥራ ውጭ መሆኑን የምታምን ዓይነት ከሆነ ጠበቃ ሳያየው አትፈርም። የወገብ ጉዳት መጨረሻው በአንድ ወር አይታወቅም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግህ እንደሆነ፣ ወደ ሸክም ሥራ ትመለስ እንደሆነ ገና አልተለየም። ብትከስ ትረታ እንደሆነ ካርድህንና ልኬቱን ሳላይ አልነግርህም። ወረቀቱን ፎቶ አንሳና ካርዱን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ።