ሞተሩ ዘገየ፣ ሆቴሉ ሄደ፦ ካሳው እስከ የት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ «ዳቦ ቤት አለኝ። የሊጥ ማቡኪያዬ ሞተር ተቃጥሎ እንዲጠቀለል ለባለሙያ ሰጠሁት። ደረሰኙ ላይ ሐሙስ ቢልም 8 ቀን ዘግይቶ ተመለሰ። ዳቦ የማቀርብለት ሆቴል ውሉን አፈረሰብኝ፤ በቀረው ጊዜ 90,000 ብር አተርፍ ነበር። የዕቁብ መዋጮም አቋረጥኩና ዕጣዬ ቀረብኝ። ሁሉንም ልጠይቀው?»

መልስ፦ የ8 ቀኑን ገቢ ይጠይቁ። የሆቴሉ ነገር ሞተሩን ሲሰጡ ለባለሙያው በነገሩት ይወሰናል። ዕቁቡን ግን ይተዉት።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1799 ውል ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው፣ የውሉ አለመፈጸም በአመዛዛኝ ሰው ዓይን እንደ ልማዱ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ነው ይላል። ማቡኪያ ሲቆም ዳቦ ቤት እንደሚቆም ሞተር ጠቅላይ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የቀን ገቢዎ ውስጥ ይገባል፤ ግን ሽያጩ ሳይሆን የቀረብዎት ነው። ለምሳሌ በቀን 14,000 ብር ሸጠው ለዱቄት፣ ለእርሾና ለመብራት 10,500 የሚያወጡ ከሆነ፣ ዳቦ ባልጋገሩበት ቀን ያ ወጪ የለም፤ 3,500 ይቀራል፣ በ8 ቀን 28,000 ብር። የቤት ኪራይና የወር ደመወዝ ግን ቢዘጉም ይከፈላሉ፤ አይቀነሱም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ባለሙያው በቁጥር 1802 ሊከራከር ይችላል። በአካባቢዎ በቀን 1,000 ብር የሚከራይ ማቡኪያ ነበር እንበል፤ በቀላሉ ሊከራዩት እየቻሉ ከተዉት ፍርድ ቤቱ ካሳውን ወደ 8,000 ብር ሊያወርደው ይችላል።

ሆቴሉን በተመለከተ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው «ሞተር፣ ሐሙስ» ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው የሆቴል ውል ይፈርሳል ብሎ አያስብም፤ ቢያስብ ኖሮ ዋጋ ይጨምር ወይም ሥራውን አይቀበልም ነበር። ቁጥር 1801 ግን በር ይከፍታል፦ ውሉን ሲዋዋሉ ልዩውን ሁኔታ ካሳወቁት፣ ጉዳቱ በሙሉ ይታሰባል። «ሲዋዋሉ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። አርብ ዕለት ደውለው «ሆቴሉ ሊያባርረኝ ነው» ቢሉት ዘግይቷል። ሳያሳውቁትም ቢሆን፣ ሊጎዳዎት ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካዘገየው ሙሉውን ጉዳት ይከፍላል፤ ሞተርዎን አውቆ ለሌላ ደንበኛ ከሰጠው ለምሳሌ። ተራ መዘግየት ግን ይህን አያሟላም።

ዕቁቡ የሚቀረው ከዚህም ስለሚርቅ ነው። ዕጣው የቀረው በሞተሩ ሳይሆን መዋጮውን የሚሸፍን ሌላ ገንዘብ ስላልነበረዎት ነው፤ ይህን ደግሞ ሞተር ጠቅላይ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ክስ ከመጻፍዎ በፊት ስለ ሆቴሉ ለባለሙያው የላኩት የቴሌግራም መልእክት ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ፣ ምስክር ካለም ያዘጋጁ። መልእክቱ ሞተሩን ካስረከቡ በኋላ የተላከ ከሆነና ሌላ ማስረጃ ከሌለ፣ የ8 ቀኑን ገቢ ብቻ ይጠይቁ፤ የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በሚጠይቁት ገንዘብ ልክ ነውና በ90,000ው ላይ ገንዘብ አያባክኑ።