«ደም ብዛት» ልበል ወይስ «የደም ግፊት»?

ጥያቄው፦ «ነርስ ነኝ። ሃይፐርቴንሽን ላለባቸው ታካሚዎች አንድ ገጽ በራሪ ወረቀት እየጻፍኩ ነው። ደም ብዛት ልበል ወይስ የደም ግፊት? ሌሎቹን የሕክምና ቃላትስ በምን ልተካቸው?»

ሁለቱንም ይጻፉ፤ ግን ሥራቸው ይለያይ። ዋናው ስም «ከፍተኛ የደም ግፊት» ይሁን። «ደም ብዛት» አንድ ጊዜ ብቻ፣ መግቢያው ላይ ይግባ፤ አንባቢው «አሃ፣ ይሄ ነው ለካ» እንዲል። ከዚያ በኋላ እስከ ወረቀቱ መጨረሻ አንዱን ስም ብቻ ይያዙ። አንድ ቦታ «ግፊት»፣ ሌላ ቦታ «ቢፒ»፣ ሌላ ቦታ «ሃይፐርቴንሽን» ከተጻፈ አንባቢው ሦስት በሽታ ያለበት ይመስለዋል።

«ደም ብዛት»ን ብቻውን መተው የማይቻለው ስሙ ራሱ የተሳሳተ ነገር ስለሚያስረዳ ነው። ደሙ የበዛ ሰው ደሙ ቢቀንስ ይሻለዋል ብሎ ማሰቡ አይገርምም። ከዚህ የባሰው ግን «ደም ማነስ» የዚሁ ተቃራኒ መስሎ መታየቱ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ታዲያ ደም ብዛት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ለደም ማነስ የአይረን እንክብል ሲታዘዝለት «ደሜን ሊያበዛብኝ ነው» ብሎ ቢተወው በቃሉ ስሌት ትክክል ነው። በተቃራኒውም «ግፊትዎ ዝቅ ብሏል» የተባለ ሰው ደም እንዳነሰው ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ ይህን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉት፦ «ደምዎ በዛ ማለት አይደለም፤ ደሙ የደም ሥሮችዎን ግድግዳ ከሚገባው በላይ በኃይል እየገፋ ነው ማለት ነው።»

«ሃይፐርቴንሽን» የሚለውን ቃል ታካሚው ካርዱ ላይ ሊያየው ስለሚችል አንድ ጊዜ ቢጠቀስ ጥሩ ነው። ግን «ቴንሽን» በሚለው ምክንያት ጭንቀት ብቻ አድርገው የሚረዱት አሉ። እንዲህ የተረዳ ሰው ሳይናደድ በዋለበት ቀን መድኃኒቱን ይዘላል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ቃላት። በብዙ ወረቀት ላይ የሚገኝ ዓይነት አንቀጽ ይኸውና፦

«ሃይፐርቴንሽን ሥር የሰደደ በሽታ ሲሆን በአብዛኛው ምልክት አልባ በመሆኑ ታካሚው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በመውሰድ ግፊቱን መቆጣጠርና የሶዲየም መጠንን መቀነስ ይኖርበታል።»

እንግሊዝኛ ቃል የለበትም ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም አራት ቦታ ላይ ያሰናክላል።

«ሥር የሰደደ» ከሁሉ የከፋው ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ክሮኒክ ለማለት እንጠቀምበታለን። ሰው ቤት ግን በሽታ ሥር ሰደደ የሚባለው ጊዜው ሲያልፍና መዳኛ ሲጠፋ ነው። ትናንት የተነገረው ሰው ይህን ሲያነብ ያበቃለት ይመስለዋል። «ለረጅም ዓመት አብሮ የሚቆይ» ይበሉ።

«መቆጣጠር» ሁለት ትርጉም ይዟል፦ እየለኩ መከታተልም ነው፣ ዝቅ አድርጎ ማቆየትም ነው። መሣሪያ ገዝቶ በየቀኑ የሚለካ ሰው «እየተቆጣጠርኩት ነው» ይላል፤ መድኃኒቱን ግን አይወስድም። የፈለጉትን ለይተው ይጻፉ፦ «ይለኩ» ወይም «ከ140/90 በታች እንዲቆይ ያድርጉ»፤ ሐኪሙ ለታካሚው ሌላ ቁጥር ከሰጠው እሱን የሚሞሉበት ባዶ ቦታ ይተዉ።

«ሳያቋርጡ» ደግሞ ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጋር ይምታታል። እዚያ «ሳያቋርጡ ይጨርሱ» የሚባለው የተሰጠው ሲያልቅ ሕክምናውም ስለሚያበቃ ነው። የግፊት ታካሚም ያንኑ ይዞ እንክብሉን በታማኝነት ይጨርስና ያቆማል። ትእዛዙን የፈጸመ ስለሚመስለው ቢጠየቅ «አላቋረጥኩም» ነው የሚለው። «ከማለቁ በፊት መጥተው ሌላ ይውሰዱ» ብለው ይጻፉ።

«ሶዲየም» በቀጥታ «ጨው» ይሁን። «ይቀንሱ» ማለት ብቻውን ግን መለኪያ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ሳይከመር ከሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ዳቦና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል» ካልተባለ፣ አንባቢው የሚያስበው ከላይ የሚነሰንሰውን ብቻ ነው።

አንቀጹ ተስተካክሎ ሲጻፍ፦

«ከፍተኛ የደም ግፊት አለብዎት። ብዙ ሰው ደም ብዛት ይለዋል፤ በካርድዎ ላይ ሃይፐርቴንሽን ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ደምዎ በዛ ማለት አይደለም። ደሙ የደም ሥሮችዎን ግድግዳ ከሚገባው በላይ በኃይል እየገፋ ነው ማለት ነው። ለረጅም ዓመት አብሮዎት የሚቆይ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አያምም፤ ከፍ ማለቱ የሚታወቀው ሲለካ ነው። የደም ግፊትዎ ከ140/90፣ ወይም ሐኪምዎ ከሰጠዎት ቁጥር ______ በታች እንዲቆይ ያድርጉ። መድኃኒቱን ደህና ነኝ ባሉበት ቀንም ይውሰዱ። ልኬቱ ጥሩ ሆነ ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ከማለቁ በፊት መጥተው ሌላ ይውሰዱ። በቀን የሚበሉት ጨው ሳይከመር ከሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይሁን፤ ዳቦና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።»

ረዘመ፣ አውቃለሁ። የማይገባ አጭር አንቀጽ ከሚኖር ግን ቦታውን ከሥዕሉ ላይ መቀነስ ይሻላል። «ታካሚው ይኖርበታል» የሚለውም ወደ «እርስዎ» ተቀይሯል፤ አንባቢው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ እንዳይመስለው፣ ወንድ ሴት ብሎ መለየቱም እንዲቀር።

ቁጥሮቹን በተመለከተ «ሲስቶሊክ» እና «ዳያስቶሊክ» አያስፈልጉም። «የላይኛው ቁጥር» እና «የታችኛው ቁጥር» ይበቃል፤ ቤት ውስጥ የሚለካ ካለ ግን መሣሪያው ላይ እንደሚታየው SYS እና DIA ብለው አጠገቡ ይጻፉ። PUL የሚለው የልብ ምት እንጂ ግፊት አለመሆኑንም ይጨምሩ፤ ሦስተኛውን ቁጥር ለታችኛው ግፊት የሚይዙ አሉ። ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ጀርባን ደግፎ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እግርን አለማጣመር፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፦ ይህን በቃል ከማብራራት አንድ ሥዕል ይቀድማል።

«የድንገተኛ ምልክቶች» የሚለው ክፍል ላይ «ኒውሮሎጂካል» ምናምን ውስጥ አይግቡ። የሚታየውን ይጻፉ፦ «የላይኛው ቁጥር 180 ወይም የታችኛው 120 ከደረሰና ደረትዎን ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ፊትዎ በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ እጅዎ ወይም እግርዎ ከዛለ ወይም ንግግርዎ ከተሳሰረ ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ሳይጠብቁ ይሂዱ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጋር እንዳይቀላቀል ይጠንቀቁ፤ የስትሮክ ምልክት ይዞ መሣሪያ ፍለጋ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር።

ከማሳተምዎ በፊት የጤና ሥራ ለማያውቁ አምስት ሰዎች ያስነብቡት። «ገባዎት?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «መድኃኒቱን መቼ ነው የሚያቆሙት?» ብለው ይጠይቁ። «ሲሻለኝ» ወይም «ሲያልቅ» የሚል ከተገኘ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ቀይረው ላላነበቡት ሌሎች ሰዎች ይስጡት።